ለማታ ጎልማሶች ክፍል የመመደቢያ ጥያቄዎች (ደሴ)

ለመምህሩ፦ አንድ በአንድ አስገብተህ ጠይቅ። ውጤት በሰው ፊት አይነበብም። «ፈተና» ሲባል የሚደነግጥ ካለ፣ «አብሽሩ፣ የሚስማማዎትን ክፍል ለማወቅ ነው» በል። ሒሳቡን ማንበብ ለማይችል አንተ አንብብለት፤ ገበያ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ያሰላ ሰው ብዕር ስላልያዘ ብቻ ዝቅ ሊል አይገባም።

ንባብና ጽሕፈት (12 ነጥብ)

1. ስምዎን ከነአባትዎ ይጻፉ። (2)
2. እነዚህን ፊደላት ያንብቡ፦ ለ መ ሰ ቤ ጉ ፎ ጥ ሻ (2)
3. ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ፦ «ዘሀራ ሰኞ ባቲ ገበያ ወረደች። ሁለት በግ ሸጣ ጤፍና ዘይት ገዛች። በተረፋት ገንዘብ ለልጇ ደብተር ገዛችለት።» (3)
4. ዘሀራ ገበያ የወረደችው መቼ ነው? ደብተሩንስ በምን ገንዘብ ገዛችው? (2)
5. የምነግርዎትን ይጻፉ፦ «መኪናው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል።» (3)

ሒሳብ (8 ነጥብ)

6. 47 + 38 (2)
7. ሽንኩርት ኪሎው 60 ብር ነው። ሁለት ኪሎ ተኩል ገዝተው 200 ብር ቢሰጡ መልሱ ስንት ነው? (3)
8. አንድ ኩንታል ጤፍ ለአራት ቤተሰብ እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ ስንት ኪሎ ይደርሳል? (1)
9. ጠዋት 2:30 ሥራ የገባ ሰው 11:00 ከወጣ ስንት ሰዓት ቆየ? (2)

መልስና አያያዝ

1. ሁለቱም ስም ከተነበበ 2፣ አንዱ ብቻ ከሆነ 1።
2. ስምንቱም 2፤ ከአራት እስከ ሰባት 1።
3. ሳያቋርጥ ካነበበ 3፤ ፊደል እየቆጠረ ከጨረሰ 2፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ብቻ ከተወጣ 1።
4. ሰኞ፤ ከበጎቹ ሽያጭ በተረፋት። ለእያንዳንዱ 1። ንባቡ ያቃተውን አንብብለትና ጠይቀው፤ መልሱ አይቆጠርም፣ ግን በጎን ጻፈው።
5. ሁሉም ቃል ከተነበበ 3፤ አንድ ወይም ሁለት ቃል ከተበላሸ 2፤ ሁለት ቃል ብቻ ከተነበበ 1። «ይሄዳል»ን በሐ ወይም በኀ ቢጽፍ አትቀንስ።
6. 85። 75 ያለ አንዷን አሥር መያዝ ረስቷል፣ 1 ስጠው። 715 ከጻፈ የአንድና የአሥር ቤት አልለየም፤ ነጥብ የለውም፣ ግን የመጀመሪያው ትምህርቱ ይህ ይሁን።
7. ዋጋው 150፣ መልሱ 50 ብር፤ በቃልም ቢሆን 3። 150 ላይ ከቆመ 1። 80 ካለ ግማሹን ኪሎ ዘንግቷል፣ መቀነሱን ግን ያውቃል፤ 1።
8. 25 ኪሎ።
9. ስምንት ሰዓት ተኩል። «ዘጠኝ ገደማ» ላለ 1።

ምደባ

ሁለቱ ውጤቶች አይደመሩም። በንባብ 0–4 ፊደል ክፍል፣ 5–8 መካከለኛ፣ 9–12 ከፍተኛ። በሒሳብ 0–4 ጀማሪ፣ 5–8 ቀጣይ። ስለዚህ አንዲት ነጋዴ በንባብ ፊደል ክፍል፣ በሒሳብ ቀጣዩ ክፍል ልትገባ ትችላለች። በንባብ 4 ወይም 8 ያገኘ ሰው ካለ 5ኛውን ጥያቄ እይ፤ እዚያ 2 ወይም 3 ካለው ወደ ላይ አሳልፈው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ክፍሉ ከብዶት ወይም ቀልሎት እንደሆነ ራሱን ጠይቀህ አዛውረው።