የጠፋ ፓስፖርት ምትክ ወይም ሊሴ ፓሴ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም
ጓንዡ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ቆንስላ ጄኔራል ጽሕፈት ቤት
ጓንዡ

ጤና ይስጥልኝ።

ስሜ ትዕግስት አበራ ወልዴ ይባላል። መርካቶ ውስጥ የቧንቧና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ እነግዳለሁ። ጥቅምት 10 ቀን በኢትዮጵያ አየር መንገድ ጓንዡ ገባሁ። የመጣሁት ለካንቶን ንግድ ትርኢት ሁለተኛ ዙር ነው። ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን ማታ ፓስፖርቴ እንደጠፋ አወቅሁ። ለፖሊስ አመልክቼ የተሰጠኝን ማስረጃ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

የጠፋው ፓስፖርት ቁጥር ኢፒ 6041827 ነው። አዲስ አበባ ሰኔ 8 ቀን 2013 ዓ.ም ተሰጠኝ፤ እስከ ሰኔ 7 ቀን 2018 ዓ.ም ያገለግል ነበር። የቻይና ቪዛዬም እሱ ላይ ነው የተለጠፈው። አብሮት ቢጫ ካርዴ ጠፍቷል።

እንዴት እንደጠፋ መጠየቄ ስለማይቀር እንደሆነው ልጻፈው። ሐሙስ ጠዋት ፓዡ፣ ትርኢቱ ላይ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ሻኦቤይ አካባቢ ወዳለ ባንክ ሄጄ 2,000 ዶላር መነዘርኩ። ለዚያ ፓስፖርት ይጠየቃል፤ ሰጠሁ፣ ገንዘብ ከፋዩም መልሶልኛል። ሰዓቱ 9 ተኩል ነበር፤ የፖሊሱ ወረቀት ላይ 15፡30 ተብሎ የተጻፈው እሱ ነው። ዩዋኑን ስቆጥር ፓስፖርቱን ከቢጫ ካርዱ ጋር በላስቲክ ልባሱ እንዳለ በቦርሳዬ የውጪ ኪስ አስገባሁት። ወትሮ እዚያ አላስቀምጠውም። የውስጡን ኪስ ካታሎግ ሞልቶት ነበር።

ከባንኩ ወጥቼ ናሙና ቧንቧዎች ገዛሁና ታክሲ ያዝኩ። ሆቴል የደረስኩት 12፡20 ላይ ነው። በአንድ እጄ ቦርሳ፣ በሌላው ሁለት ከባድ ፌስታል ይዤ ነበር። ማታ 3 ሰዓት ላይ ለነገ ስዘጋጅ ኪሱን ብዳብስ ባዶ ነው። ቦርሳውን ገለበጥኩት። ሻንጣውን ገለበጥኩት። ፍራሹን ሳይቀር አነሳሁ። የለም።

በማግስቱ ከፖሊስ ጋር የሆቴሉን ካሜራ አየን። ከታክሲው ስወርድ የውጪው ኪስ ዚፕ ክፍት ነው፤ ኪሱ ውስጥ ምንም ነገር አይታይም። እንግዲህ የወደቀው ወይ ታክሲው ውስጥ ነው፣ ወይ ታክሲ ሳልይዝ በፊት ሱቆቹ ዘንድ። ሱቆቹን ተመልሼ ጠይቄያለሁ፤ አላገኙም። ታክሲውን በጥሬ ገንዘብ ከፍዬ ደረሰኝ ሳልቀበል ወረድኩ። ደረሰኝ ብይዝ ኖሮ መኪናውን ማግኘት ቀላል እንደነበር ፖሊሱ ነግሮኛል። ይሄ የራሴ ጥፋት ነው።

«ተሰረቀ በይ፣ ቶሎ ይሰጡሻል» ያሉኝ ነበሩ። አላልኩም። ሰው ሲወስድብኝ አላየሁም፣ ቦርሳውም አልተቀደደም። ለፖሊስ «ጠፋብኝ» ነው ያልኩት፤ ለእናንተም ያንኑ ነው የምጽፈው። ፓስፖርቱን ለማንም አልሰጠሁም፣ መያዣም አላደረግኩትም። ቁጥሩ በሌላ ሰው እጅ እንዳይሠራ በእናንተ በኩል እንዲሰረዝልኝ እለምናለሁ።

ስለ ማስረጃዎቹ ትንሽ ላብራራ። ያያዝኩት ሁለት ወረቀት ነው። የመጀመሪያው ዓርብ ጥቅምት 15 ቀን ሆቴሉ ካለበት ሰፈር ፖሊስ ጣቢያ ያገኘሁት የማመልከቻ ደረሰኝ ነው። ጣቢያው ይሄ ብቻውን ለቆንስላ አይበቃም ብሎ ወደ ከተማው የፖሊስ መሥሪያ ቤት የመግቢያና መውጫ ክፍል ላከኝ። ሰኞ ጥቅምት 18 ቀን እዚያ የፓስፖርት መጥፋት ማረጋገጫ ተሰጠኝ፤ ሁለተኛው እሱ ነው። ሁለቱም ቀይ ማህተም አላቸው። የተጻፉት በቻይንኛ ስለሆነ በትርጉም ቤት ያስተረጎምኩትን እንግሊዝኛም አስገብቻለሁ።

ስትመለከቱት ግራ እንዳያጋባችሁ፣ ማረጋገጫው ላይ ስሜ ከኋላ ወደ ፊት ነው የተጻፈው። «ወልዴ» ቀድሞ፣ «ትዕግስት» መጨረሻ ላይ መጥቷል። እዚህ የቤተሰብ ስም ስለሚቀድም የአያቴን ስም እንደዚያ ቆጥረውት ነው። እንዲያስተካክሉልኝ ብጠይቅ ኮምፒውተራቸው ላይ ያለው እንደዚያ ነው አሉኝ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ከፓስፖርቱ ኮፒ ጋር አስተያይቻለሁ፤ ስህተት የለባቸውም። የልደት ቀኔም በቀበሌ መታወቂያዬ ጥር 12 ቀን 1978 ሲሆን፣ በፖሊሱ ወረቀትና በፓስፖርቱ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ቀን 1986 ነው። ሁለቱ አንድ ቀን ናቸው።

አሁን የሚያስጨንቀኝ የቪዛው ቀን ነው። ቪዛዬ የ30 ቀን፣ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ነበር፤ ኅዳር 9 ያልቃል። የመግቢያና መውጫ ክፍሉ ሰዎች ምትክ ሰነድ ብታገኚም እንደገና ወደ እኛ መጥተሽ የመውጫ ቪዛ መጠየቅ አለብሽ ብለውኛል፤ እስከ 7 የሥራ ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ሰነዱ በዚህ ሳምንት ቢወጣልኝ ከኅዳር 9 በፊት ለመውጣት እደርሳለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ከሆነ ግን አልደርስም፤ ቅጣት ውስጥ እገባለሁ። ለጥቅምት 25 የያዝኩትን በረራ ትቼዋለሁ። ቲኬቱን ወደ ኅዳር 6 አዛውሬያለሁ።

የምጠይቃችሁም ይሄንኑ ነው። አዲስ ፓስፖርት በእነዚህ ቀናት ውስጥ የሚደርስ ከሆነ ምርጫዬ እሱ ነው፤ ለንግድ ስለምመላለስ ያለ እሱ አይሆንልኝም። ከአዲስ አበባ ታትሞ እስኪመጣ የሚቆይ ከሆነ ግን አሁን ሊሴ ፓሴ ስጡኝና ፓስፖርቱን አገር ቤት ገብቼ ላውጣ። የመግቢያና መውጫ ክፍሉን ሠራተኛ ጠይቄያለሁ፤ በሊሴ ፓሴም የመውጫ ቪዛ እንደሚሰጡ ነግራኛለች። የቱ እንደሚሻል እናንተ ታውቃላችሁ። ቁርጡን ንገሩኝ እንጂ በሁለቱም እስማማለሁ።

ለጣት አሻራም ሆነ ለቃል በማንኛውም ሰዓት እመጣለሁ። ሆቴሌ ከሻኦቤይ ባቡር ጣቢያ በእግር 5 ደቂቃ ነው፤ ክፍሌ 1107። ክፍያው በምን እንደሚፈጸም፣ በጥሬ ዩዋን ይሁን በባንክ፣ ብትነግሩኝ አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ። መልሱን ይህን ደብዳቤ በላኩበት ኢሜይል ብትልኩልኝ ቀንም ማታም አየዋለሁ።

የጠፋው ፓስፖርት ከተገኘ ሳልጠቀምበት ወዲያው ለእናንተ አስረክባለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ትዕግስት አበራ ወልዴ
(ፊርማ)

አባሪዎች፦
የፖሊስ ጣቢያ የማመልከቻ ደረሰኝ፣ 1 ገጽ
የፓስፖርት መጥፋት ማረጋገጫ፣ 1 ገጽ
የሁለቱም እንግሊዝኛ ትርጉም፣ 2 ገጽ
የጠፋው ፓስፖርት ኮፒ (ሆቴሉ ስገባ ስካን ካደረገው የተወሰደ)፣ 1 ገጽ
ሆቴሉ ለፖሊስ ያስመዘገበኝ የመኖሪያ ምዝገባ ወረቀት፣ 1 ገጽ
የቀበሌ መታወቂያና የፋይዳ ኮፒ (ወንድሜ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የላከልኝ)፣ 2 ገጽ
የኅዳር 6 በረራ ቲኬት፣ 1 ገጽ
ጉርድ ፎቶ፣ ነጭ ጀርባ፣ 4 ፍሬ (ስመጣ በእጄ የምሰጠው)