የዓመታዊ ሪፖርቱ ማጠቃለያ፦ ትርፍ አለ፣ ጥሬ ገንዘብ ግን ሳስቷል

ለቦርድ አባላት

ይህ ማጠቃለያ ስካን ተደርጎ ከደረሰን ባለ 112 ገጽ ሪፖርት የተውጣጣ ነው። የሂሳብ ዕውቀት አይጠይቅም።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ድርጅቱ አትርፏል፣ እጁ ላይ ያለው ገንዘብ ግን እያነሰ ነው። ሽያጭ ከአምናው በ18 በመቶ አድጓል። ግን አብዛኛው በዱቤ ነው። ዕቃው ለደንበኛው እንደደረሰ ሽያጩ በገቢነት ይመዘገባል፤ ብሩ ግን ገና ደንበኛው ኪስ ውስጥ ነው። አምና ደንበኞች በአማካይ በ41 ቀን ይከፍሉ ነበር። ዘንድሮ 73 ቀን ይፈጅባቸዋል። አቅራቢዎች ደግሞ በ30 ቀን ክፈሉን ይላሉ። በመሃል ያለውን ክፍተት የሚሸፍነው የባንክ ብድር ነው። ወለዱም ትርፉን እየበላው ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ገጽ 64 ላይ ከ90 ቀን በላይ የዘገየው ዱቤ ድርሻ ደብዝዟል፤ 13 ይሁን 18 በመቶ አይለይም። ገጽ 66 ላይ ያለው ዝርዝር ሲደመር 18 ስለሚመጣ እሱን ወስደናል። ቢሆንም ከዋናው ቅጂ ጋር ይመሳከር።

የሠራተኛና የመጋዘን ወጪ ብዙም አልተለወጠም።

ሪፖርቱ ሁለተኛው የማምረቻ መስመር ዘንድሮ ይገዛ ይላል። ለዚህ 20 ገጽ ሰጥቶ ለዱቤ አሰባሰብ ግማሽ ገጽ ብቻ መተዉ ግን ይገርማል። እንደኛ ንባብ፣ ደንበኞች የሚከፍሉበት ጊዜ ወደ 45 ቀን እስኪጠጋ ግዢው ቢቆይ ይሻላል። ከቦርዱ የሚጠበቀው ውሳኔም በዚሁ ላይ ነው።