የመሬት ደብተርና የይዞታ ዋስትና፦ የዘጠኝ ጥናቶች ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ (ሁለተኛ ረቂቅ)

መምህር፣ የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ «ይሄ የማጠቃለያ ሰልፍ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚከራከር አይታይም» ብለው መልሰውልኝ ነበር። ልክ ነበሩ። ያኔ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ያለችውን አጭር መግለጫ ተርጉሜ ነበር የደረደርኩት። አሁን ዘጠኙንም እንደገና አነበብኳቸው። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ፦ ምን እያለ ነው? በምን አወቀው? ምን ሳያይ ቀረ?

የመመረቂያ ጥያቄዬ ያው ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ መሬታቸውን በእኩል የሚያሳርሱ ባል የሞተባቸው ወይም የተፋቱ ሴቶች፣ ካርታ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ደብተር ካገኙ በኋላ ከአራሹ ጋር ያላቸው የመደራደር አቅም ተለውጧል ወይ?

ከሠንጠረዡ በፊት ሦስት ነገር ልበል። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ የኛን አቆጣጠር ስጠቀም ዓ.ም. ብያለሁ። «ደብተር» ስል የይዞታ ማረጋገጫውን ነው። አንደኛ ደረጃ የምለው በገመድ ተለክቶ አዋሳኞቹ በስም የተጻፉበትን፣ ሁለተኛ ደረጃ የምለው ካርታ ያለውን ነው። የመጨረሻው ዓምድ ደግሞ የኔ ንባብ ነው። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ያመኑት ጉድለት ብቻ አይደለም፣ ስለዚህ ከተሳሳትኩ ጥፋቱ የኔ ነው።

| ጥናት | ክርክሩ | ዘዴው | ክፍተቱ |
|---|---|---|---|
| ዳይኒንገርና ጂን፣ 2006 | ዋስትና ሁሉንም ሥራ እኩል አያበረታታም። መሬቴ ይወሰዳል ብሎ የሚሰጋ ገበሬ እርከን ከመሥራት ይቆጠባል፤ ዛፍ ግን ይተክላል፣ ምክንያቱም ዛፉ ራሱ «የኔ ነው» ማለቻ ነው። መሬትን የማስተላለፍ መብት ግን ሥራን ያበረታታል። | በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰበሰበ የቤተሰብ መጠይቅ፣ ስታቲስቲካዊ ትንተና። | ዳታው ደብተር በሰፊው ከመታደሉ በፊት የተሰበሰበ ነው። ስለ ስጋት እንጂ ስለ ደብተር አይነግረንም። |
| ዳይኒንገር፣ ዳንኤል አያሌው፣ ሆልደንና ዘቬንበርገን፣ 2008 | የኢትዮጵያ ምዝገባ በርካሽ፣ በፍጥነትና ሕዝብ እየተሳተፈበት ተከናውኗል። ለአንድ ማሳ 1 ዶላር ገደማ ነው የወጣው፤ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ትምህርት ይሆናል። | ብዙ ክልሎችን ያካተተ መጠይቅና የአሠራሩ ዳሰሳ። | ምዝገባው ካለቀ ብዙም አልቆየም። ገበሬው ደስ ብሎታል ማለት ከአሥር ዓመት በኋላም ደብተሩ ይሠራል ማለት አይደለም። |
| ሆልደን፣ ዳይኒንገርና ገብሩ፣ 2009 | ትግራይ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ደብተር ዛፍ መትከልን፣ የእርከን እንክብካቤንና ምርታማነትን ጨምሯል። | ከ1998 እስከ 2006 በተለያዩ ዙሮች የተሰበሰበ የቤተሰብ ዳታ። ከደብተሩ በፊትም በኋላም ያለውን ይዟል። | ምርት መጨመሩን ያሳያል፤ በእኩል በሚታረስ መሬት ላይ የጨመረው ለማን እንደደረሰ አይከታተልም። |
| ደሳለኝ ራህማቶ፣ 2009 | ምዝገባ የራሱ ጥቅም አለው፣ ግን መንግሥት በመሬት ላይ ያለውን ሥልጣን አልነካም። ወረቀት ብቻውን ጠንካራ ዋስትና አይሆንም። | የሕግና የፖሊሲ ትንተና ከመስክ መረጃ ጋር። | ስጋቱን በቤተሰብ ደረጃ አይለካም፤ የማን ስጋት ከማን እንደሚበልጥ አይለይም። |
| ዳይኒንገር፣ ዳንኤል አያሌውና ተኪኤ ዓለሙ፣ 2011 | አማራ ክልል ውስጥ ደብተር ስጋትን ቀንሷል፣ በመሬት ላይ የሚሠራ ሥራንና ማከራየትን ጨምሯል። | ምሥራቅ ጎጃምና ደቡብ ወሎ። ቀድሞ የደረሳቸውንና ገና ያልደረሳቸውን ቀበሌዎች፣ ከደብተሩ በፊትና በኋላ ማወዳደር። | ማከራየት ጨመረ ይላል። የውሉ ድርሻ፣ ዘመንና አፈጻጸም ግን የትኩረቱ ማዕከል አይደለም። |
| ሆልደን፣ ዳይኒንገርና ገብሩ፣ 2011 | ትግራይ ውስጥ በሴት የሚመሩ ቤተሰቦች ደብተር ካገኙ በኋላ መሬት የማከራየት ዝንባሌያቸው ጨምሯል። | የቤተሰብ ዳታ፣ የኪራይ ተሳትፎ ትንተና። | ለኔ ርዕስ የቀረበው ይሄ ነው። ከታች ተመልሼበታለሁ። |
| ሶስና በዙና ሆልደን፣ 2014 | ገበሬው ለሁለተኛ ደረጃ ደብተር ለመክፈል ያለው ፍላጎት ዝቅተኛ ነው፣ ከ2007 እስከ 2012 ባለው ጊዜም ቀንሷል። | ኦሮሚያና ደቡብ። ያንኑ ቤተሰብ በሁለት ጊዜ እየጠየቁ «ስንት ትከፍላለህ?» ማለት። | አማራ የለበትም። የተጠየቁትም ገና ስላልያዙት ነገር ነው። |
| ምንትዋብ በዛብህ፣ ሆልደንና ማንበርግ፣ 2016 | ደብተር ምርታማነትን ጨምሯል፤ ጭማሪው በሴቶች ማሳ ላይ ይበልጣል። | ምሥራቅ ጎጃምና ደቡብ ወሎ፣ የማሳ ደረጃ ዳታ። | «ሴት» አንድ መደብ ሆናለች። ባሏ የሞተባት፣ የተፋታችና ባሏ ከተማ ሄዶ የቀረ አልተለያዩም። |
| ስቬን ኤጌ፣ 2017 | አማራ ክልል ውስጥ ከደብተሩ በኋላም ስጋቱ አለ። የስኬቱ ወሬ የመነጨው ቦታውን በደንብ ካለማወቅ ነው። | ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው አካባቢ፣ ጥራት ተኮር የመስክ ሥራ። | ጥቂት ቦታዎች ላይ የተመሠረተ ነው። ስፋቱን በቁጥር መናገር አይቻልም። |

መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባው የስሞቹ ዓምድ ነው። ከዘጠኙ ሰባቱ ላይ ወይ ዳይኒንገር ወይ ሆልደን ወይ ሁለቱም አሉ። ይሄ ነውር አይደለም፤ ዳታ የሰበሰቡት እነሱ ናቸው፣ ከነሱ ጋር የሠሩት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ጠንካራ ናቸው። ግን «ብዙ ጥናቶች ደብተር ዋስትናን እንደጨመረ አሳይተዋል» ብዬ ምዕራፍ ሁለት ላይ ልጽፍ ነበር። አሁን እንዲህ አልጽፍም። የ2011ዱና የ2016ቱ የአማራ ጥናቶች ራሳቸው ከእነዚያው ሁለት ዞኖች የመጡ ናቸው። ጥናቱ ሁለት ነው፣ አካባቢው ግን አንድ።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ቀን የፈጀብኝ ነው። የ2011ዱን የአማራ ጥናትና ኤጌን ጎን ለጎን አስቀምጬ ማን እንደዋሸ ስፈልግ ከረምኩ። ክልሉ አንድ፣ ደብተሩ አንድ፣ መልሱ ተቃራኒ። በኋላ ላይ የገባኝ፣ ሁለቱም «ዋስትና» ይላሉ እንጂ የሚለኩት ነገር ለየቅል መሆኑን ነው። ጠያቂው መጠይቁን ይዞ ገበሬውን «መሬቴ ይወሰዳል ብለህ ትሰጋለህ?» ይለዋል። ገበሬው የሚያስበው የ1989 ዓ.ም.ን ሽግሽግ ነው። ያኔ በቀድሞው ሥርዓት ሹመት ነበረው ተብሎ «ቢሮክራሲ» የተባለ ሰው ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደርጎ የተረፈው ለሌላ ሲሰጥ አይቷል። እንደዚያ ያለ ድልድል ይመለሳል ወይ ሲባል «አይመስለኝም፣ አሁን ደብተር አለኝ» ይላል። እውነቱን ነው። ኤጌ ደግሞ የሚያየው ገበሬው ምን እንደሚያስብ ብቻ ሳይሆን አስተዳደሩ ምን ማድረግ እንደሚችል ነው። እሱም እውነቱን ነው። የዘመኑም ልዩነት አለ፤ የ2011ዱ ጥናት ዳታ ደብተሩ ገና ትኩስ እያለ የተሰበሰበ ነው።

ስለዚህ በረቂቄ ላይ «ደጋፊዎች» እና «ተቺዎች» የሚሉትን ሁለት ንዑስ ርዕሶች ሰርዣለሁ። በምትካቸው «ከማን የሚጠብቅ ዋስትና?» የሚል አንድ ርዕስ አስገብቻለሁ። ከድልድል? ከቀበሌው? ከጎረቤት? ከወንድም? ለኔ ሴቶች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሳይብሱ አይቀሩም። ይሄ ግምቴ ነው፣ ከመስኩ በፊት እንደ ግኝት አልጽፈውም።

አሁን ወደ ትግራዩ የ2011 ጥናት። ከዘጠኙ አንድ ብቻ አንብብ ብባል ይሄን ነው የማነበው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በሬም ጉልበትም የሌላት ሴት መሬቷን ለሌላ ሰው መስጠቷ አይቀርም። ዋስትና ከሌላት ግን አራሹ እንዳይቀማት፣ ወይም «አታርሺውም» ተብሎ እንዳይወሰድባት ትፈራለች። ደብተሩ ይሄን ፍርሃት ሲያቀልላት ወደ ገበያው ትወጣለች። ጥሩ ነው፤ ከዚያስ? ትንተናው ስለ ተሳትፎ ነው፣ ወጣች ወይስ አልወጣችም። እኔ ደግሞ ማወቅ የምፈልገው ከወጣች በኋላ ያለውን ነው። እኩል ነው የምትካፈለው ወይስ ሲሶ? ገለባው የማን ነው? አራሹ ዘግይቶ ሲያርስ ልታስለቅቀው ትችላለች? አራሹ አማቷ ቢሆንስ?

ከሶስና በዙና ሆልደን ጋርም የምነጋገረው ነገር አለኝ። ገበሬው ለካርታው ብዙ መክፈል አልፈለገም፣ በነሱ ንባብ አንደኛው ደብተር ዋስትናውን ሰጥቶታልና። ይሄ ለአባወራው ሊሠራ ይችላል። አዋሳኟ የባሏ ወንድም ለሆነባት ሴት ግን «በሰሜን አቶ እገሌ ያዋስናል» የሚል ወረቀትና ድንበሩን በመስመር ያሰመረ ካርታ አንድ አይደሉም። ድንበሩ ሲገፋ የመጀመሪያው ወረቀት ምስክር ይፈልጋል፤ ምስክሮቹ ደግሞ የባሏ ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ የነሱን ውጤት አልቃወምም፣ በአማካይ ውስጥ የተደበቀች ሴት አለች ነው የምለው።

የ2008ቱ ላይ ብዙ አልቆየሁም። ለመነሻ ምዕራፉ ያገለግለኛል፦ ለ6 ሚሊዮን ገደማ ቤተሰቦች 20 ሚሊዮን ያህል ማሳ መመዝገቡን የምወስደው ከሱ ነው። የ2006ቱን ላወጣው አስቤ ነበር፤ በዛፉ ነገር ምክንያት ተውኩት። መንደራችን ውስጥ ድንበር ላይ ባህር ዛፍ የሚተክለው ማን እንደሆነ ስለማውቅ ይሆናል።

ዘጠኙም ያላዩት አንድ የጋራ ነገር አለ፣ ጥፋታቸውም አይደለም። ሁሉም የተጻፉት ከአዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ዓ.ም. በፊት ነው። የቅርቦቹ መነሻቸው አዋጅ 456/1997 ዓ.ም. ነው። የኔ ቃለ መጠይቅ የሚካሄደው ግን በአዲሱ አዋጅ ዘመን ነው። ይሄን በክፍተት ዓምድ ዘጠኝ ጊዜ ከመድገም እዚህ ልጥቀሰው ብዬ ነው።

ሐሙስ ስመጣ ሁለት ነገር እንዲወስኑልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ የደሳለኝን ጽሑፍ ከኤጌ ጋር በአንድ አንቀጽ ላስኪደው ወይስ ለብቻው ላቁመው? እኔ ለብቻው ባይ ነኝ፤ ደሳለኝ ስለ ሥርዓቱ ነው የሚናገረው፣ ኤጌ ስለ መንደሩ። ሁለተኛ፣ በመጠይቁ ላይ «መሬትዎ ይወሰዳል ብለው ይሰጋሉ?» የምትለውን ጥያቄ አውጥቼ «ባለፈው መኸር አራሹን ለመቀየር አስበው ነበር? ምን ከለከለዎት?» የሚለውን አስገብቻለሁ። የድሮዋን ካወጣሁ ከቀደሙት ጥናቶች ጋር ማነጻጸር ይከብደኛል። ሁለቱንም ላስቀምጥ ካሉኝ መጠይቁ ይረዝማል፣ ሴቶቹ ደግሞ ሥራ ላይ ናቸው።