ጋሼ፣ ከሆስፒታል የሰጡን ወረቀት በእኛው ቋንቋ

ጋሼ፣ ትናንት ማክሰኞ ጥር 12 ሲወጡ የሰጡን ወረቀት ሁለት ገጽ ነው። ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ ደግሞ በምህጻረ ቃል። ነርስ ሆኜ እንኳ አንዳንዱን መስመር ሁለቴ አነበብኩት። ስለዚህ እርስዎም እትዬም ቤት ውስጥ ልትሠሩበት እንድትችሉ ማታ ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍኩት። ሐኪሙ ካዘዘው የጨመርኩትም የቀነስኩትም መድኃኒት የለም፤ ግልጽ ያልሆነልኝን ከመውጣታችን በፊት ራሱን ጠይቄዋለሁ። የፍሪጁ በር ላይ ይለጠፍ።

መጀመሪያ ይህን፦ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ

ቁጭ ብለው እንኳ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደረትዎን ጨምድዶ ይዞ አልለቅ ካለ፣ ራስዎን ከሳቱ፣ ሲያስሉ ሮዝ አረፋ ከወጣ፣ ከንፈርዎ ከጠቆረ ወይም ንግግርዎ ከተምታታ፣ አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን። እትዬ፣ በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ወይም በ939 የአዲስ አበባን እሳትና ድንገተኛ አደጋ ጥሪ፤ ከዘገዩ የጎረቤት መኪናም ቢሆን ይሁን። ለእኔ መደወሉ መንገድ ላይ ይደርሳል።

ሌላም አለ። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት በድንገት ካበጠ ኢናላፕሪል የሚባለው መድኃኒት ሊሆን ይችላል። እሱን ሁለተኛ አይዋጡትና በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የሚገጥመው ጥቂት ሰው ነው፣ ግን ጉሮሮ ይዘጋል።

ያመመዎት ምንድን ነው

ወረቀቱ "የልብ ድካም፣ የመርጨት አቅም 30 በመቶ" ይላል። ይህን ቁጥር ሰምተው "ልቤ 70 በመቶው ሞቷል" ሲሉ ሰማሁዎት፣ አንጀቴን በሉኝ። እንደዚያ አይደለም ጋሼ። የጤነኛ ሰው ልብም በአንድ ምት የሚረጨው ውስጡ ካለው ደም ከ55 እስከ 70 በመቶ ገደማ ነው እንጂ መቶ በመቶ አይደለም። የእርስዎ ልብ ሥራውን ይሠራል፣ ግን ደክሟል። ሲደክም ውሃ ይጠራቀማል፤ እግር ላይ ሲወርድ ያብጣል፣ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሦስት ትራስ ደርበው ቁጭ እንዳሉ ያነጉ የነበረው ለዚህ ነው።

ጥር 3 ሲገቡ 78 ኪሎ ነበሩ። ሲወጡ 71 ተኩል። በዘጠኝ ቀን የቀነሱት ስድስት ኪሎ ተኩል ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው። ይህን እንዳይረሱት፣ ቀጥሎ የምነግርዎት ሁሉ ያ ውሃ ተመልሶ እንዳይመጣ ነው።

በየቀኑ ጠዋት ሚዛን

ወረቀቱ "የቀን ክብደት ክትትል" ብሎ አልፎታል። ሲሠራ እንዲህ ነው። ጠዋት ሲነሱ ሽንት ይሽኑ። ከዚያ ቁርስም ሻይም ሳይቀምሱ፣ ጫማና ጋቢ አውልቀው ሚዛኑ ላይ ይውጡ። ሚዛኑ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሲሚንቶው ላይ ይቀመጥ፣ ምንጣፍ ላይ ይዋሻል። ቁጥሩን እትዬ ግድግዳው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ከቀኑ አጠገብ ትጻፈው። የእርስዎ ቁጥር 71 ተኩል ነው።

በአንድ ሌሊት ከአንድ ኪሎ በላይ ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመሩ በዚያው ቀን ይደውሉልኝ፣ ወይም ወደ ሆስፒታሉ ይሂዱ። ደህና ነኝ ቢሉም። እግር አብጦ ለዓይን እስኪታይ ድረስ ብዙ ሊትር ተጠራቅሟል፤ ሚዛኑ ግን ቀድሞ ይናገራል። ጫማ ሲጠብዎት፣ አንድ ትራስ መጨመር ሲያምርዎት፣ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮዎት ሲባንኑ፣ ሆድዎ ሲነፋ ወይም ቆመው ሲራመዱ ሲያዞርዎትም እንደዚሁ በዚያው ቀን ይደውሉ። ይሉኝታ ይቅር። በ10 ሰዓት ሌሊት ቢደውሉም እነሳለሁ።

መድኃኒቶቹ

አራት ናቸው። "ፒኦ ቢአይዲ" ማለት በአፍ፣ በቀን ሁለቴ ማለት ነው። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

ፉሮሴማይድ 40 ሚሊግራም፦ ጠዋት 1 ሰዓት አንድ፣ ከሰዓት 8 ሰዓት አንድ። ውሃውን በሽንት የሚያስወጣው ይህ ነው፤ ከዋጡ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት ያስኬዳል። ማታ አይዋጥም፣ እንቅልፍ ያሳጣዎታል፣ በጨለማም ሊወድቁ ይችላሉ። ቅዳሴ ወይም ለቅሶ ስላለ ብለው የጠዋቱን አይዝለሉ፣ ሲመለሱ ይዋጡት። የ8 ሰዓቱን ረስተው ከ11 ሰዓት በኋላ ካስታወሱ ግን ለዚያ ቀን ይተዉት።

ኢናላፕሪል 5 ሚሊግራም፦ ጠዋት 1 ሰዓት አንድ፣ ማታ 1 ሰዓት አንድ። ለልብዎ ሥራውን ያቀልለታል። ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ ካመጣ ይንገሩኝ እንጂ ራስዎ አያቁሙት፣ በሌላ የሚቀየርበት መንገድ አለ። ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ቁጭ ይበሉ፣ ከዚያ ይቁሙ።

ስፓይሮኖላክቶን 25 ሚሊግራም፦ ቀን 6 ሰዓት ከምግብ ጋር፣ በቀን አንድ ብቻ። ጡትዎ አካባቢ ህመም ወይም እብጠት ከተሰማዎት አይፈሩም አያፍሩም፣ የዚህ መድኃኒት ነገር ነው፣ ይንገሩን።

ሜቶፕሮሎል 25 ሚሊግራም፦ ማታ 2 ሰዓት ከራት በኋላ፣ በቀን አንድ ብቻ። ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ የሚሠራ ስለሆነ አይፈጭም፣ አይታኘክም። በአንድ ጊዜ ማቆም ልብን ያናውጣል።

የረሱትን ለማካካስ ሁለት ደርበው አይዋጡ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘዎት በዚያው ቀን ይደውሉልኝ፤ ሰውነት ውሃ ሲያጣ እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊት ሊጎዱ ስለሚችሉ ሐኪሙ ለጊዜው ሊቀንሳቸው ይችላል።

ድሮ ለደም ግፊት ይወስዱት የነበረው ኒፊዲፒን ቆሟል። ወረቀቱ በአንዲት ቃል ነው ያለፈው፣ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ መሳቢያው ውስጥ ያለውን ዛሬውኑ አውጥተው ለእኔ ያስቀምጡልኝ። መድኃኒት ሊያልቅ የሳምንት ሲቀረው መፈለግ ይጀመር፣ አንድ ፋርማሲ ላይ ላይገኝ ይችላልና። ሲሄዱ ባዶውን ማሸጊያ ይያዙ።

ለጉልበት ህመሙ

ጋሼ፣ ይህን አደራ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ክልክል ናቸው። ያለ ሐኪም ወረቀት ስለሚሸጡ ቀላል ይመስላሉ፣ ግን ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፣ ኩላሊትም ይጎዳሉ። ጉልበትዎን ሲያምዎት ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ይዋጡ፣ በቀን ከስድስት ፍሬ አይለፍ። ውሃ ውስጥ ተከትቶ የሚፈላው ዓይነት አይሁን፣ ጨው አለበት።

ጨው (እትዬ፣ ይህ ላንቺ ነው)

"ሶዲየም ከ2 ግራም በታች" የሚለው ማንም ቤት የሚመዝነው ነገር አይደለም። በጨው ሲሰላ ለሙሉ ቀን አንዲት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ምግቡ ውስጥ ገብቶ የመጣውም ተቆጥሮ። ችግሩ የእኛ ጨው ተደብቆ ነው የሚመጣው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሚጥሚጣ አለበት። ቋንጣ ይታሻል። ዳቦ አለበት። ወጥ ላይ የሚጣለው የሾርባ ኩብ ከሞላ ጎደል ጨው ነው። ስለዚህ እሱ የሚበላበት በርበሬና ሽሮ ጨው ሳይገባ ለብቻው ይዘጋጅ፣ ያለው እስኪያልቅ ግን ወጡ ላይ ሌላ ጨው አትጨምሪ። በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በበሶብላ፣ በሎሚ ይጣፍጣል። የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት አልጫ አልጫ ይለዋል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ምላስ ይለምዳል። ማጣፈጫ ጨው ገበታው ላይ አይቅረብ። "ለልብ ህመምተኛ የሚሆን ጨው" ተብሎ የሚሸጠውንም አትግዢ፤ ብዙ ጊዜ ፖታሲየም ነው፣ ከኢናላፕሪልና ከስፓይሮኖላክቶን ጋር ተደምሮ የልብ ምት ያዛባል።

የሚጠጣ ነገር

በቀን አንድ ሊትር ተኩል፣ ከዚያ አይበልጥ። ግማሽ ግማሽ ሊትር የሚይዙ ሦስት የውሃ ፕላስቲኮች ጠዋት ሞልተው ያስቀምጡ። ሻይ፣ ወተት፣ አጥሚት ወይም ሾርባ ሲጠጡ የዚያኑ ያህል ከፕላስቲኩ ያፍሱ። ሦስቱም ባዶ ሲሆኑ የዕለቱ አበቃ። አፍ ሲደርቅ ጉመጥመጥ ብሎ መትፋት ወይም ሎሚ መላስ ይረዳል። ቡና ይጠጡ፣ ሲኒዋም ትቆጠር፤ ጨው ግን አይግባባት። ጠላና አረቄ ይቅሩ።

ጾምና ጠበል

ስለዚህ ማንም ሆስፒታል አልጠየቀዎትም፣ ወረቀቱም ላይ የለም። እኔ ግን ኅዳር ላይ የሆነውን አውቃለሁ። የነቢያት ጾም ሲገባ ደህና ነኝ ብለው፣ መድኃኒትና ጠበል አይቀላቀልም ያለዎትን ሰው ሰምተው አቆሙት። ስድስት ሳምንት ቆዩ። ከዚያ ጥምቀትን በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው በሬዲዮ ሰሙት።

አልቆጣም። ግን የካቲት 9 ዐቢይ ጾም ይገባልና ከአሁኑ የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፣ ከፈለጉ አብሬዎት እሄዳለሁ። ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰው መድኃኒቱን ይተው አትልም። ከሥጋና ከወተት መጾም ለልብዎ ክፉ አይደለም፤ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መዋል፣ የጠዋቱን መድኃኒት መተው ነው ጉዳቱ። ጠበልም ይጠመቁ፣ ይጠጡም፤ ግን ከአንድ ሊትር ተኩሉ ተቆጥሮ በትንሽ ኩባያ ይሁን። በጀሪካን እየጠጡ ማስመለስ ለእርስዎ አይሆንም። ኮሶና የሚያስቀምጥ የባህል መድኃኒትም እንዲሁ።

እንቅስቃሴ

አልጋ ላይ አይዋሉ። በቀን ሁለቴ እስከ ሱቁ ድረስ በእግር ይሂዱ፣ እየሄዱ ማውራት ካቃተዎት ይቁሙና ይረፉ። በየሳምንቱ ትንሽ ይጨምሩ። ውሃ መቅዳትና ከባድ ነገር ማንሳት ለጊዜው የልጆቹ ነው።

ቀጠሮ

ማክሰኞ ጥር 19 ጠዋት 2 ሰዓት የደም ምርመራ አለ። ኩላሊትዎንና ፖታሲየሙን የሚያዩበት ነው። ደህና ነኝ ተብሎ የሚቀር ምርመራ አይደለም፣ ፖታሲየም ከፍ ሲል ምንም ሳይሰማዎት ሊሆን ይችላል። ማክሰኞ ጥር 26 ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ደግሞ ሐኪሙ ጋ ይገባሉ። ሲመጡ መድኃኒቶቹን ሁሉ ከነማሸጊያቸው በአንድ ፌስታል፣ ክብደት የተጻፈበትን የቀን መቁጠሪያ ገጽ፣ የእንግሊዝኛውን ወረቀትና ይህንን ይዘው ይምጡ። ሁለቱንም ቀን ፈረቃ ቀይሬያለሁ። 1 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ነኝ፣ የጠዋቱን መድኃኒት ውጠው፣ ተመዝነው ይጠብቁኝ።