የእድር ስብሰባ ማስታወሻ፦ ኦአርኤስ አበጣበጥ (3 ደቂቃ)

(ከወርሃዊ መዋጮ በፊት፣ ሰው ሳይበተን። ጠረጴዛ ላይ፦ አንድ ፓኬት፣ ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ ጆግ፣ ማንኪያ፣ የቡና ሲኒ።)

እናቶች፣ አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። ተቅማጥ ልጅን የሚጎዳው ውሃና ጨው አሟጦ ስለሚወስድበት ነው። ዛሬ የምናሳያችሁ ያንን መመለሻውን ብቻ ነው።

(እያሳዩ፣ ቀስ ብሎ) እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በዚህ ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ለኩ፤ 1 ሊትር ሆነ። ፓኬቱን ሙሉውን ገልብጡና እስኪሟሟ አማስሉ።

(እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።) ፓኬቱን በአንድ ብርጭቆ መበጥበጥ ጨው ያበዛል፤ ልጁን ይጎዳል። ውሃ ማብዛት ደግሞ የኦአርኤሱን ጉልበት ያሳጣል። ስኳር አትጨምሩ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉት።

ልጁን ባስቀመጠው ቁጥር፦ ከ2 ዓመት በታች አንድ ሲኒ ገደማ (ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር)፣ ከዚያ በላይ ሁለት ሲኒ። በጡጦ ሳይሆን በማንኪያ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ጡት አይቋረጥ።

ዚንክ፦ ከ6 ወር በታች ግማሽ፣ ከዚያ በላይ አንድ ባለ 20 ሚሊ ግራም ክኒን፣ በቀን አንዴ፣ ለ10 ቀን። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም አይቋረጥም።

በሰገራው ደም ከታየ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ሁሉንም ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ከፈዘዘ ወዲያው ጤና ጣቢያ፤ በመንገድም እያጠጣችሁ።

(«ለስላሳ አይተካውም?» ብለው ይጠይቃሉ። አይተካም፤ የበዛው ስኳር ውሃ ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያባብሰዋል።)