ሦስቱ የግርዛት ጥናቶች በአንድ ሠንጠረዥ (ከላካችኋቸው ፎቶዎች የወጣ)

ሰላም ጓዶች። ለሐሙሱ ሴሚናር ያልኳችሁ ሠንጠረዥ ይኸው። ከ14 ፎቶ ነው የለቀምኩት። ሁለቱ ደብዝዘው ጭራሽ አይነበቡም፣ አንዱ ላይ ደግሞ የማን እንደሆነ ያልታወቀ አውራ ጣት ግማሽ ዓምድ ሸፍኖ ቁጭ ብሏል። ዋና ዋናዎቹ ቁጥሮች ግን ወጥተዋል።

የሦስቱም ጥያቄ አንድ ነው፦ አዋቂ ወንድ ቢገረዝ በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል ወይ? አካሄዳቸውም ያው ነው። ያልተገረዙና ቫይረሱ የሌለባቸውን ወንዶች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ፣ ግማሹን ወዲያው ገረዙ፣ ግማሹን «እናንተ ጥናቱ ሲያልቅ» አሏቸው።

| | ኦሬንጅ ፋርም፣ ደቡብ አፍሪካ | ኪሱሙ፣ ኬንያ | ራካይ፣ ኡጋንዳ |
|---|---|---|---|
| የታተመበት | ፕሎስ ሜዲሲን፣ 2005 | ላንሴት፣ 2007 | ላንሴት፣ 2007 |
| ተሳታፊዎች | 3,274 | 2,784 | 4,996 |
| ዕድሜ | 18–24 | 18–24 | 15–49 |
| የአገራረዝ ዘዴ | በፎርሴፕስ | በፎርሴፕስ | ስሊቭ |
| ክትትል | በአማካይ 18.1 ወር | ሚዲያን 24 ወር | እስከ 24 ወር |
| አዲስ የተያዙ፣ የግርዛት ቡድን | 20 | 22 | 22 |
| አዲስ የተያዙ፣ ኮንትሮል | 49 | 47 | 45 |
| ኢንሲደንስ፣ ግርዛት / ኮንትሮል | 0.85 / 2.1 በ100 ፐርሰን ይር | 2.1% / 4.2% በ2 ዓመት | 0.66 / 1.33 በ100 ፐርሰን ይር |
| ቅናሽ (95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል) | 60% (32–76) | 53% (22–72) | 51% (16–72) |

ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

አሁን የኢንሲደንሱን ረድፍ ቀስ ብላችሁ እዩልኝ፤ እኔንም መጀመሪያ ሸውዶኛል። 2.1 ሁለት ቦታ አለ። ኦሬንጅ ፋርም ላይ ያልተገረዙት ቁጥር ነው፣ ኪሱሙ ላይ ደግሞ የተገረዙት። ፎቶው ተቆርጦ የዓምዱ ርዕስ ስላልታየኝ አንዱን ገልብጬ የጻፍኩ መስሎኝ ግማሽ ሰዓት ስፈልግ ቆየሁ። ስህተት የለም። የኪሱሙው የሁለት ዓመት ድምር ነው፣ የሌሎቹ ሁለቱ በዓመት ነው የተሰላው። የኪሱሙን ኮንትሮል 4.2% ለሁለት ብትካፈሉት በዓመት ወደ 2.1 ይጠጋል፣ ማለትም ከኦሬንጅ ፋርም ኮንትሮል ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ስለዚህ እባካችሁ ሦስቱን በአንድ ባር ግራፍ እንዳትደረድሩ፤ መምህሩ የመጀመሪያ ጥያቄ የሚያደርገው እሷን ነው።

0.85ቱ ደግሞ ጥላ ውስጥ ገብታ 0.35 ትመስላለች። በስሌት ነው የያዝኳት፦ 0.85ን ለ2.1 ስታካፍሉ 0.40 ይመጣል፣ ይሄ ደግሞ ከ60% ቅናሽ ጋር ልክክ ይላል። 0.35 ብትሆን ኖሮ ቅናሹ ከ80% በላይ በሆነ ነበር። ራካይንም እንዲሁ ሞከርኩት፣ 0.66 የ1.33 ግማሽ አካባቢ ናት፣ 51%ም እዚያው ነው። 22 ሁለቴ መምጣቷም የኮፒ ስህተት አይደለም፣ ሁለቱም ፔፐር ላይ እንዲሁ ናት።

የኪሱሙ ገጽ ላይ 53% እና 60% የሚሉ ሁለት ውጤቶች አሉ። 60% የሚመጣው በተጨባጭ የተገረዘውና ያልተገረዘው ሲለይ፣ ሲጀመርም ቫይረሱ የነበረባቸው ሰዎች ሲወጡ ነው። እኔ 53%ን ወሰድኩ፣ ምክንያቱም በዕጣው ምድብ መሠረት የተቆጠረው እሱ ነው። ራካይም እንዲሁ ሲሰላ 55% ይደርሳል። ትልቁን ቁጥር ማሳየት ያምራል፣ ግን ከአንዱ ፔፐር አንዱን፣ ከሌላው ሌላውን መልቀም ማጭበርበር ነው።

የቀዶ ጥገና ችግሮችን ረድፍ አውጥቻለሁ። ራካይ መካከለኛና ከባድ ብሎ 3.6%፣ ኪሱሙ 1.5% ይላሉ፣ ግን «ችግር» የሚሉት አንድ አይነት ነገር ስላልመሰለኝ ጎን ለጎን ማስቀመጡን ፈራሁ።

አንድ ነገር ግን ስላይዱ ላይ ይግባ። ሦስቱም ጥናቶች ከታሰበው ጊዜ በፊት ነው የቆሙት፣ ኪሱሙና ራካይ በታኅሣሥ 2006 አካባቢ። ውጤቱ ግልጽ ስለሆነ ኮንትሮሎቹን ማስጠበቅ ተገቢ አይደለም ተብሎ ነው። እንዲህ ቀድሞ የሚቆም ጥናት ውጤቱን ከፍ አድርጎ የማሳየት ዝንባሌ አለው፤ እዚህ ግን ሦስቱ በሦስት አገር ተቀራራቢ ቁጥር ማምጣታቸው ነገሩን ያጠነክረዋል። የመለኩት ወንዱን ስለሆነ ለሴቷ ይጠብቃታል የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳይገባ። ግርዛት ከሌላው ክልል ያነሰባትን ጋምቤላን የምታነሱ ደግሞ በሌላ ስላይድ አድርጉት።

የኦሬንጅ ፋርም ሁለተኛ ሠንጠረዥ ያለበት ገጽ ማን ጋ ነው? ነገ ጠዋት መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ አንዴ አንሱልኝ። ያለ አውራ ጣት።