የፍላጎት ኩርባ ወደ ታች የሚያዘነብለው ለምንድን ነው?

ውድ የክፍል ጓደኛዬ፣

ባለፈው ሐሙስ ከክፍል ስንወጣ «ኩርባው ወደ ታች እንደሚወርድ ሸምድጃለሁ፤ ለምን እንደሚወርድ ግን አልገባኝም» ያልሽኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እዚሁ ላይ ተቸግሬ ስለነበር፣ በኋላ የገባኝን በጽሑፍ ላስረዳሽ ወደድኩ።

ሥዕሉ ራሱ ትንሽ ያሳስታል። በሒሳብ ትምህርት ምክንያት የሆነውን ነገር በአግድሙ መስመር ላይ ማስቀመጥ ለምደናል፤ በኢኮኖሚክስ ግን ዋጋ በቋሚው መስመር፣ መጠን ደግሞ በአግድሙ ላይ ይቀመጣል። ይህ ልማድ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከጻፈው ከእንግሊዛዊው አልፍሬድ ማርሻል ወዲህ ነው። ስለዚህ ኩርባውን ስታዪ «ዋጋው ይህን ያህል ቢሆን፣ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ፣ ሰዎች ምን ያህል ለመግዛት ይፈልጋሉ፣ ይችላሉም?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጡ መልሶች በአንድ መስመር ተያይዘው እንደተሳሉ ቁጠሪው።

አሁን ወደ ዋናው ምክንያት ልግባ። ውኃ በባልዲ እየተለካ የሚገዛ አንድ ሰው አስቢ። አንድ ባልዲ ብቻ ካለው ለመጠጥ ያውለዋል፤ ሁለተኛውን ካገኘ ገላውን ይታጠብበታል፤ በሦስተኛው ልብሱን ያጥባል፤ አራተኛውን አትክልት ያጠጣበታል። ውኃው ያው ውኃ ነው፤ የሚለያየው የሚያሟላው ፍላጎት አጣዳፊነት ነው፤ ምክንያቱም ማንም ሰው የባሰውን ችግሩን አስቀድሞ፣ የቀለለውን አስከትሎ ያቃልላል። ይህ ሰው ለመጀመሪያው ባልዲ እስከ 12፣ ለሁለተኛው እስከ 8፣ ለሦስተኛው እስከ 5፣ ለአራተኛው እስከ 2 ለመክፈል ፈቃደኛ ነው እንበል። የአንዱ ባልዲ ዋጋ 6 ከሆነ ሁለት ባልዲ ገዝቶ ያቆማል፤ ሦስተኛው ለእርሱ የሚሰጠው ጥቅም 5 ብቻ ስለሆነ 6 አይከፍልበትም። ዋጋው ወደ 4 ሲወርድ ሦስተኛውን ይጨምራል፤ ወደ 1 ሲወርድ አራተኛውንም ይገዛል። እነዚህን ነጥቦች በወረቀት ላይ አስቀምጫቸው፤ ቁልቁል የሚወርደውን መስመር በእጅሽ ስትሥይው ታገኚዋለሽ። በመጽሐፍ «እየቀነሰ የሚሄድ ተጨማሪ እርካታ» የሚባለው ይኸው ነው፤ እንደ እኔ እምነት ይህን አንድ ነገር በደንብ የያዘ ተማሪ የቀረውን ለመረዳት አይቸገርም።

ከዚህ በተጨማሪ መምህራችን ሁለት ውጤቶችን ጠቅሰው ነበር። አንደኛው የመተካት ውጤት ነው፦ የአውቶቡስ ክፍያ ብቻ ሲጨምር፣ በእግር ወይም በብስክሌት መሄድ ከበፊቱ ይልቅ አዋጭ ስለሚሆን አንዳንዱ ተሳፋሪ ወደዚያ ይዞራል። ሁለተኛው የገቢ ውጤት ነው፦ በ100 የገንዘብ መጠን አንዱን በ5 ሒሳብ 20 ዕቃ ይገዛ የነበረ ሰው፣ ዋጋው 10 ሲሆን ደመወዙ ሳይነካ የመግዛት ዐቅሙ ይቀንሳልና በዚያው ገንዘብ የሚያገኘው 10 ብቻ ነው። ሰዎች ገቢያቸው ሲያድግ የሚሸሹት ዕቃ ከሆነ ይህ ሁለተኛው ውጤት በተቃራኒው ይሠራል፤ ከመተካት ውጤቱ በልጦ ኩርባውን ወደ ላይ የሚያዞርበት፣ የጊፈን ዕቃ የሚባለው ሁኔታ ግን እጅግ ብርቅ ስለሆነ ለጊዜው አያስጨንቅሽ።

በገበያ ደረጃ ደግሞ ሌላ ነገር ይታከላል። ገዢዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በ12 ዋጋ ፈጽሞ የማይገዛ ሰው በ4 ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ዋጋ ሲወርድ ነባሮቹ ግዢያቸውን ከመጨመራቸው ሌላ አዳዲስ ገዢዎችም ይመጣሉ።

በፈተናው ነጥብ ያሳጣሽ ግን «ዋጋ ስለቀነሰ ፍላጎት ጨመረ» ብለሽ መጻፍሽ ይመስለኛል። ዋጋ ሲቀንስ የሚጨምረው የሚፈለገው መጠን ነው፤ ይኸውም በዚያው ኩርባ ላይ ወደ ታች መንሸራተት ነው። ፍላጎት ጨመረ የሚባለው ገቢ፣ የተተኪ ዕቃ ዋጋ፣ ምርጫ ወይም ስለ ነገ ያለን ግምት ተለውጦ ኩርባው በሙሉ ወደ ቀኝ ሲዛወር ነው። «ዋጋ እየጨመረ ሰዎች ለመግዛት ሲሻሙ አያለሁ፤ ታዲያ ዋጋ ሲጨምር የሚፈለገው መጠን ይቀንሳል የሚለው ሕግ የት አለ?» ብለሽ የጠየቅሽኝም በዚህ ይፈታል፤ ሰዎቹ የሚሻሙት ዋጋው ስለተወደደ ሳይሆን ነገ ከዛሬው ይብሳል ብለው ስለሚያስቡ ነው፤ የተለወጠው ግምታቸው ስለሆነ ኩርባው ራሱ ከቦታው ተነሥቷል።

የመልመጃውን ሦስተኛ ጥያቄ እንደገና ሞክሪውና ከእያንዳንዱ ለውጥ አጠገብ «በኩርባው ላይ» ወይም «የኩርባው መዛወር» ብለሽ ጻፊ። ሰኞ ከክፍል በፊት ይዘሽው ከመጣሽ አብረን እናየዋለን።